የማወቅ፣ የማማረጥና የመግዛት ፍለጋ፦ ለእያንዳንዱ የሚስማማውን ርዕስ እንዴት እንጻፍ?

ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ ለሱቆችና ለአነስተኛ አምራቾች ድረ ገጽ ስለምሠራ፣ አንድ ጥያቄ በተለያየ አነጋገር ደጋግሞ ይደርሰኛል፦ «ገጻችን ጎግል ላይ ይወጣል፤ ታዲያ ለምን አንድም ሰው አይደውልልንም?» አብዛኛውን ጊዜ መልሱ በጎግል ውጤት ላይ የሚታየው የገጹ ርዕስ ላይ ነው። ርዕሱ ሊያውቅ ለመጣው ሰው ሽያጭ፣ ሊገዛ ለመጣው ሰው ደግሞ ትምህርት ያቀርብለታል። ይህ መመሪያ ፈላጊው ለምን እንደመጣ እንዴት እንደሚለይና ለእርሱ የሚስማማው ርዕስ እንዴት እንደሚጻፍ ደረጃ በደረጃ ያሳያል። ምሳሌው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ነው፤ ኮምቦልቻ ውስጥ የኤሌክትሪክ ምጣድ የሚሸጥ ሱቅ ነው።

ሦስቱን ዓላማዎች የማወቅ፣ የማማረጥና የመግዛት ፍለጋ ብዬ እጠራቸዋለሁ። «አዲስ ምጣድ እንዴት ይሟሻል» ብሎ የሚጽፍ ሰው ማወቅ ይፈልጋል፤ ምጣዱን ምናልባት ትናንት ገዝቶታል። «የሸክላ ምጣድ ይሻላል ወይስ የብረት» የሚለው ሊገዛ አስቧል፣ ነገር ግን ገና እያማረጠ ነው። «የኤሌክትሪክ ምጣድ ኮምቦልቻ የት ይሸጣል» የሚለው ግን ብሩን ይዞ የሱቁን በር እየፈለገ ነው። የአንድን ድርጅት ስም ጽፎ ገጹን ብቻ የሚፈልግ አራተኛ ዓይነት ፈላጊም አለ፤ እርሱን በርዕስ ማሳመን ስለማያስፈልግ እዚህ አልገባበትም።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- የገጹን ርዕስና የመጀመሪያ አንቀጽ ለማስተካከል የሚያስችል መግቢያ፤
- ለድረ ገጹ የተከፈተ ጎግል ሰርች ኮንሶል። ገጽዎ በምን ቃል ፍለጋ እንደታየ የሚያሳየው ይህ የጎግል አገልግሎት ነፃ ነው፣ ያለፉትን 16 ወራት መረጃም ይይዛል፤
- የሱቁ የሁለት ሳምንት የቴሌግራም መልእክቶችና በስልክ የቀረቡ ጥያቄዎች፤
- አራት ዓምድ ያለው ደብተር፦ የፈላጊው ቃል፣ የተገመተው ዓላማ፣ በጎግል ላይ የታየው፣ የሚሄድበት ገጽ፤
- ስልክ። ርዕሱ ተቆርጦ እንደሆነ የሚረጋገጠው ደንበኛው በሚያይበት ስክሪን ላይ ስለሆነ ኮምፒውተር ብቻ አይበቃም።

ደረጃ 1፦ ሰዎች የሚጽፉትን ቃል ሳያርሙ ይሰብስቡ

በሰርች ኮንሶል ውስጥ Performance የሚለውን ከፍተው Queries ከሚለው ሥር ያሉትን ቃላት እንዳሉ ወደ ደብተርዎ ይገልብጡ። ጥቂት ሰዎች ብቻ የጻፏቸውን ቃላት ጎግል ለግላዊነት ሲል ስለማያሳይ፣ የአንድ ትንሽ ሱቅ ዝርዝር አጭር ቢሆን አይደነቁ። ጉድለቱን የሚሞላው የሱቁ ስልክ ነው። «እህቴ፣ ያ 60 ሳንቲሙ ምጣድ አለ? ደሴ ድረስ ታደርሳላችሁ?» ብሎ የሚጠይቅ ደንበኛ፣ ገዢ ምን ማየት እንደሚፈልግ ከማንኛውም መሣሪያ በተሻለ ነግሮዎታል።

ቃሉን ማረም የማይገባው ልዩነቱ ራሱ መረጃ ስለሆነ ነው። አንዱ «የኤሌክትሪክ ምጣድ» ሲል ሌላው «ኤሌትሪክ ምጣድ»፣ ሦስተኛው «የመብራት ምጣድ» ይላል፤ በላቲን ፊደል mitad ብሎ የሚጽፈውም ጥቂት አይደለም። የትኛው አጻጻፍ እንደሚበዛ ሳያውቁ ርዕስ ከጻፉ፣ ሰው የማይጽፈውን ቃል ፊት ለፊት አስቀምጠው ሊገኙ ይችላሉ።

ደረጃ 2፦ ለእያንዳንዱ ቃል ጊዜያዊ ግምት ይስጡ

በአማርኛ ዓላማውን የሚጠቁሙ ቃላት አሉ። «እንዴት»፣ «ለምን»፣ «ምንድን ነው» ወደ ማወቅ፣ «የቱ ይሻላል»፣ «ልዩነት»፣ «ምርጥ» ወደ ማማረጥ፣ «የት ይገኛል»፣ «የሚሸጥ»፣ «ስልክ ቁጥር»፣ «ማዘዝ» እንዲሁም የከተማ ስም ወደ መግዛት ያመለክታሉ። ግምቱን በእርሳስ ይጻፉት፤ የሚቀጥሉት ሁለት ደረጃዎች ሊለውጡት ይችላሉ።

ደረጃ 3፦ ግምቱን በውጤት ገጹ ላይ ይፈትኑ

ስልክዎ የቀድሞ ፍለጋዎችዎን እያስታወሰ እንዳያሳስትዎ የግል መስኮት፣ ማለትም Incognito፣ ይክፈቱ። ከዚያ ቃሉን ይፈልጉና የመጀመሪያዎቹን 10 ውጤቶች ይመልከቱ። አድራሻውን እንደሚከተለው ቢጽፉት የገጹ ቋንቋ አማርኛ፣ አገሩም ኢትዮጵያ እንዲሆን ያደርጋሉ።

```
https://www.google.com/search?q=የኤሌክትሪክ+ምጣድ&hl=am&gl=et
```

የግል መስኮት ያሉበትን ቦታ እንደማይደብቅ ልብ ይበሉ። ጎግል የት ነዎት ብሎ እንደገመተ ብዙ ጊዜ በገጹ ግርጌ ይጻፋል። እርስዎ ደሴ ፒያሳ ተቀምጠው ግርጌው ሌላ ከተማ ካለ፣ የሚያዩት ውጤት የጎረቤትዎ ውጤት አይደለም።

አሁን ውጤቶቹን ይቁጠሩ። አብዛኞቹ ማብራሪያዎችና የአሠራር ቪዲዮዎች ከሆኑ ፈላጊው ማወቅ ይፈልጋል። ብዙ ምርቶችን ጎን ለጎን የሚያነጻጽሩ ከሆኑ ያማርጣል። ዋጋና የማዘዣ ቁልፍ ያላቸው የሽያጭ ገጾች፣ ወይም የሱቆች ካርታ ከወጣ ይገዛል። የዚህ ደረጃ ጥቅም ይህ ነው፤ ጎግል ብዙ ፈላጊዎች በምን እንደረኩ አይቶ የደረደረውን ዝርዝር እርስዎ በነፃ ያነቡታል።

ይሁን እንጂ በእንግሊዝኛ የተጻፉ መመሪያዎች የማያነሱት አንድ ችግር አለ። በአማርኛ የተጻፉ ገጾች ጥቂት ስለሆኑ፣ በውጤቱ ላይ ያለው ገጽ እዚያ የተገኘው ተመራጭ ስለሆነ ሳይሆን ሌላ ስለሌለ ሊሆን ይችላል። ለአንድ የምጣድ ጥያቄ ስለ እንጀራ አጋገር የሚያወራ ቪዲዮ አንደኛ ሆኖ ቢያገኙት፣ ፈላጊው አጋገር ሊማር ነው ብለው አይደምድሙ። ውጤቱ ባዶ ቦታ የሞላ መሆኑ የሚታወቀው የተፈለገው ቃል በአብዛኞቹ ርዕሶች ውስጥ ሳይኖር ሲቀር ነው። እንዲህ ሲሆን ያንኑ ጥያቄ በእንግሊዝኛ electric mitad ብለው ይድገሙትና ያወዳድሩ፤ ሁለቱም ካላስማሙዎት በደረጃ 1 የሰበሰቡትን የስልክ ጥያቄ ይመኑ። እኔ በእንዲህ ያለ ጊዜ ከጎግል ይልቅ የሱቁን ስልክ አምናለሁ።

ደረጃ 4፦ «ዋጋ» የሚለውን ቃል ለብቻው ይመርምሩ

ከሁሉም ይበልጥ ሰውን የሚያሳስተው ይህ ቃል ነው። ብዙ ባለ ሱቆች «ዋጋ» የሚል ሁሉ ገዢ ነው ብለው ያስባሉ። ሰኞ ገበያ የዋለ ሰው ግን ዋጋ ጠያቂ ሁሉ ገዢ እንዳልሆነ ያውቃል፤ አንዱ ለመግዛት፣ አንዱ ለማወዳደር፣ አንዱም ባለፈው ወር ተታልሎ እንደሆነ ለማጣራት ይጠይቃል። በፍለጋም ነገሩ ያው ነው፤ የሚለየው «ዋጋ» ከምን ጋር እንደተጻፈ ነው።

«የኤሌክትሪክ ምጣድ ዋጋ በኢትዮጵያ» የሚለው ፈላጊ አገር ጠቅሷል፣ ከተማ ግን አልጠቀሰም። የሚፈልገው የዋጋውን ወሰን ስለሆነ በማማረጥ ላይ ነው። «የኤሌክትሪክ ምጣድ ዋጋ ኮምቦልቻ» የሚለው ሊሄድበት የሚችለውን ቦታ ጠቅሷልና መግዛት ይፈልጋል። «60 ሳንቲም የሸክላ ምጣድ ዋጋ» የሚለውም ከተማ ባይጠቅስም መጠንና ዓይነት መርጦ ስለጨረሰ ገዢ ነው። «የምጣድ ዋጋ ለምን ጨመረ» ግን የማወቅ ፍለጋ ነው፤ የሽያጭ ገጽ ቢሰጡት ወዲያው ይመለሳል። ምንም ሳይጨመርበት «ምጣድ ዋጋ» ብቻ የተጻፈ እንደሆነ ዓላማው ድብልቅ ነው። በዚህ ጊዜ የውጤት ገጹ ላይ የበዛውን ዓይነት ይከተሉ፤ እኩል ከሆኑም ወደ ማማረጥ ገጽ ይላኩትና ከገጹ ላይ ወደ መግዣው ገጽ የሚያደርስ አገናኝ ያስቀምጡ። የሚያማርጥ ገጽ ላይ የደረሰ ገዢ አንድ ጊዜ ብቻ ነክቶ ወደ ሽያጩ ያልፋል፤ የሽያጭ ገጽ ላይ የደረሰ አማራጭ ፈላጊ ግን ገጹን ዘግቶ ይሄዳል።

ደረጃ 5፦ ለአንድ ዓላማ አንድ ገጽ ይመድቡ

የምጣድ ሱቁ መጀመሪያ የነበረው ገጽ አንድ ብቻ ነበር፤ ርዕሱም የሚከተለው ነበር።

```html
<title>ምጣድ፣ ምርጥ ምጣድ፣ ስለ ምጣድ ሙሉ መረጃ፣ ዋጋ፣ ይዘዙን</title>
```

ይህ ርዕስ ሦስቱንም ፈላጊዎች በአንድ ጊዜ ይጠራል፤ ለአንዳቸውም ግን «ያንተ መልስ እዚህ አለ» አይልም። በስልክ ሲታይም መጨረሻው ስለሚቆረጥ፣ ለገዢ የሚጠቅመው «ዋጋ፣ ይዘዙን» የሚለው ክፍል ጨርሶ ላይታይ ይችላል። ስለዚህ ገጹን ለሦስት ከፈልነው፦ አንዱ ምጣድን ስለ ማሟሸት፣ አንዱ የሸክላና የብረት ምጣድን የሚያነጻጽር፣ አንዱ ደግሞ ሽያጭ።

እዚህ ላይ ቃላትን ሳይሆን ዓላማን መክፈል ያስፈልጋል። «ምጣድ የት ይሸጣል ኮምቦልቻ» እና «የመብራት ምጣድ ሽያጭ ኮምቦልቻ» ሁለት ቃል፣ አንድ ዓላማ ስለሆኑ አንድ ገጽ ይበቃቸዋል። ለእያንዳንዱ አጻጻፍ የተለየ ገጽ ከሠሩ የራስዎ ገጾች እርስ በርስ ይሻማሉ።

ደረጃ 6፦ ርዕሱን በዓላማው ቅርጽ ይጻፉ

ጎግል ለርዕስ ርዝመት የፊደል ገደብ አላወጣም፤ በስክሪኑ ስፋት ልክ ግን ይቆርጠዋል። የእኛ ፊደል ከላቲኑ ሰፋ ስለሚል የምንጽፈው ቁጥር ያንሳል። እኔ ከ40 ፊደል ላለማለፍ እሞክራለሁ፤ ዋናውን ነገር ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ሦስትና አራት ቃላት እጨርሳለሁ።

ለማወቅ ፍለጋ ርዕሱ የፈላጊው ጥያቄ ራሱ ይሁን።

```html
<title>አዲስ የሸክላ ምጣድ እንዴት ይሟሻል?</title>
```

ፈላጊዋ የጻፈችውን ጥያቄ መልሳ ስታነበው መልሱ እዚህ እንዳለ ወዲያው ትረዳለች። የሱቅ ስም፣ «ምርጥ» የሚል ቅጽል ወይም ዋጋ እዚህ አይገባም፤ ጎመን ዘሩን ፈጭታ ምጣዱ ፊት ለቆመች ሴት ሽያጭ እንቅፋት ነው።

ለማማረጥ ፍለጋ ርዕሱ አማራጮቹን በስማቸው ጠርቶ የሚመዘኑበትን ነገር ይናገር።

```html
<title>የሸክላ ወይስ የብረት ምጣድ? በመብራት፣ በዕድሜና በጥገና</title>
```

ከሁለቱ የበለጠው ቁም ነገር ሁለተኛው ክፍል ነው። «የቱ ይሻላል» ማለት ብቻ ማንም የሚጽፈው ነው፤ «በመብራት፣ በዕድሜና በጥገና» ሲባል ግን አንባቢው እርሱ የሚጨነቅበት መለኪያ መኖሩን ያያል። መለኪያዎቹን ከየት እናምጣ ካሉ፣ ከቴሌግራም መልእክቶቹ ነው። የዚህ ሱቅ ደንበኞች ሽቦው ሲቃጠል ይቀየር እንደሆነ፣ ሸክላው ሲሰነጠቅ ብቻውን ይገኝ እንደሆነና ቆጣሪው ይችለው እንደሆነ ይጠይቁ ነበር።

ለመግዛት ፍለጋ ርዕሱ ዕቃውን፣ ቦታውንና ገዢው ሊያረጋግጠው የሚፈልገውን ነገር ይያዝ።

```html
<title>የኤሌክትሪክ ምጣድ ሽያጭ፣ ኮምቦልቻ (ወሎ)፦ ዋጋና ማድረስ</title>
```

«ወሎ» የሚለው ለጌጥ አልገባም። በምሥራቅ ሐረርጌም ኮምቦልቻ የሚባል ቦታ ስላለ፣ በርዕሱ ውስጥ ሳይለዩት ቢቀሩ ከሩቅ የሚደውል ሰው ጊዜዎን ይወስዳል፤ ቅርብ ያለውም ይጠራጠራል። ደሴ ለሚኖር ፈላጊ «ማድረስ» የሚለው ቃል ሁሉን ይወስናል፤ ምጣድ በታክሲ ይዞ ደሴ ድረስ የወጣ ሰው ሸክላው እንዴት እንደሚያሳስብ ያውቀዋል።

ደረጃ 7፦ ርዕሱ የሰጠውን ቃል በመጀመሪያው አንቀጽ ይፈጽሙ

የማሟሸት ገጹ ስለ ሱቁ ታሪክ ሳይሆን ከመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ስለ አሠራሩ ይጀምር። የማማረጫው ገጽ ውሳኔውን አስቀድሞ ይናገር፣ ምክንያቱን ከሥር ይዘርዝር። የሽያጭ ገጹ ደግሞ ሳይንሸራተት በሚታየው ክፍል ውስጥ ዋጋውን በየመጠኑ፣ የስልክ ቁጥሩንና ሱቁ የሚገኝበትን ምልክት ያሳይ። በገጹ ላይ በትልቁ የሚታየው አርዕስትም ከላይ ከጻፉት ርዕስ ጋር አንድ ሐሳብ ይያዝ፤ ሁለቱ ከተለያዩ ጎግል የእርስዎን ርዕስ ትቶ ሌላውን ሊያሳይ ይችላል።

ደረጃ 8፦ ያውጡት፣ ይጠብቁ፣ ከዚያ ይለኩ

ርዕሱን ከቀየሩ በኋላ በሰርች ኮንሶል URL inspection ውስጥ አድራሻውን አስገብተው Request indexing የሚለውን ይጫኑ። ለውጡ በውጤት ገጹ ላይ ለመታየት ከቀናት እስከ ሳምንታት ሊወስድ ስለሚችል፣ ቢያንስ አራት ሳምንት ሳይሞላ ርዕሱን ዳግም አይንኩት። በየሦስት ቀኑ የሚቀያይር ሰው የትኛው ርዕስ ምን እንዳስገኘ ፈጽሞ አያውቅም።

ከዚያ በኋላ በ Performance ውስጥ የሚከተሉትን ይፈልጉ። ገጹ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ብዙ ጊዜ እየታየ፣ ማለትም Impressions ብዙ ሆኖ፣ Clicks ግን ጥቂት ከሆነ ቃሉና ርዕሱ ዓላማቸው አልገጠመም፤ ወደ ደረጃ 3 ይመለሱ። ጠቅታው ብዙ ሆኖ ስልኩ ካልጮኸ ርዕሱ ሠርቷል፣ ገጹ ግን ቃሉን አልጠበቀም፤ የሚታየው ደረጃ 7 ነው። ሰዎች ደውለው መጀመሪያ የሚጠይቁት «ስንት ነው?» ብለው ከሆነ ደግሞ ዋጋው በገጹ ላይ የለም ወይም ተደብቋል። በማሟሸት ገጹ ላይ ግን ጠቅታ በዝቶ ስልክ ባይጮህ ስህተት አይደለም፤ ያ ገጽ ለመሸጥ አልተሠራም።

ማስጠንቀቂያ

- ርዕሱን ሲቀይሩ የገጹን አድራሻ አብረው አይቀይሩ። አሮጌው አድራሻ ወደ አዲሱ እንዲመራ ካልተደረገ፣ ገጹ እስካሁን ያካበተው ቦታ ይጠፋል።
- «የዛሬ ዋጋ» ወይም ዓመተ ምህረት ርዕስ ውስጥ የሚጽፉት ዋጋውን በእርግጥ የሚያድሱ ከሆነ ብቻ ነው። በርዕሱ ያየውን ዋጋ ሱቁ ውስጥ ያላገኘ ደንበኛ ተመልሶ አይመጣም።
- ገጹ በአማርኛ ከሆነ ርዕሱን በላቲን ፊደል አይጻፉ። ርዕስና ጽሑፍ በቋንቋ ወይም በፊደል ሲለያዩ ጎግል ርዕሱን በራሱ ምርጫ ሊተካው ይችላል። በላቲን የሚፈልጉትን ለማግኘት ካሰቡ የላቲኑን አጻጻፍ በገጹ ጽሑፍ ውስጥ አንድ ጊዜ ይጥቀሱት።

ደጋግመው የሚታዩ ስህተቶች

የመጀመሪያው በሁሉም ርዕሶች ፊት የሱቁን ስም መደርደር ነው። ስሙን የማያውቅ ፈላጊ የሚያነበው እነዚያን ጥቂት ቃላት ነው፤ ለዕቃው ቦታ አልቀረም ማለት ነው። ስሙ መግባት ካለበት መጨረሻ ላይ ይግባ።

ሁለተኛው «ምርጥ» የሚለውን ቃል የራስን አንድ ዕቃ ብቻ በሚሸጥ ገጽ ላይ መጻፍ ነው። «ምርጥ» የሚል ፈላጊ ዝርዝር ይጠብቃል፤ አንድ ምጣድ ብቻ ሲያገኝ ማማረጫ እንዳልተሰጠው ይረዳል። አንድ ደንበኛዬ ይህን ቃል ከሽያጭ ገጹ ላይ እንዳነሣ ለማሳመን ብዙ ቀን ፈጅቶብኛል፤ ዕቃውን የሰደብኩበት መስሎት ነበር።

ሦስተኛው ሁለት ገጽ ለአንድ ዓላማ መኖሩን አለማወቅ ነው። ለማጣራት በ Queries ውስጥ አንዱን ቃል ይጫኑና Pages ወደሚለው ይሂዱ። ለዚያ ቃል ሁለት ገጾችዎ እየተፈራረቁ ከታዩ፣ ደካማውን ወደ ጠንካራው ያዋህዱትና አሮጌው አድራሻ ወደ አዲሱ እንዲመራ ያድርጉ። የምጣድ ሱቁ ላይ «የምጣድ ሽቦ መቀየሪያ» ለሚለው ቃል የማማረጫውና የሽያጩ ገጽ እንዲህ ሲፈራረቁ አገኘናቸው። ጠያቂዎቹ ግን ምጣድ ያላቸው፣ ሽቦው የተቃጠለባቸው ሰዎች ስለነበሩ ሁለቱም ገጾች ለእነርሱ አልነበሩም። አራተኛ ገጽ ተሠራ፤ ርዕሱም «የምጣድ ሽቦ መቀየር፣ ኮምቦልቻ (ወሎ)፦ ዋጋና ጊዜ» ሆነ።